የእቁቡ ሰንጠረዥ፦ ከፍላቂት ማስታወሻ

ሰኞ፣ የካቲት 10፣ 2017

ጠዋት ብርድ። በገብስ ማሳው ላይ አመዳይ። ሱቅ የከፈትኩት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው። ደንበኛ የለም፤ መብራትም ረፋድ ላይ ነው የመጣው።

የእቁባችን ዳኛ መጡ። የቀድሞው ጸሐፊ ወልድያ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ ሒሳቡን ይዞበት የነበረው ስልክ ደግሞ ከነሰንጠረዡ ተበላሽቷል። በእጃችን ያለው በቴሌግራም የላከው አንድ ስክሪንሾት ብቻ ነው። «ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ አንቺ አውጪልኝ። ለእሑድ» አሉ። እሺ አልኩ። እስከዚያ ደብተሩም በእኔ ይሁን ተብሏል።

ስክሪንሾቱን በትልቁ አተምኩት። ቀለም ስለሌለኝ ቢጫው ግራጫ ሆኖ ወጣ። ቢጫ ማለት ዕጣ የወጣለት ነው፤ ስለዚህ ከስልኩ እያየሁ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩበት።

20 ዕጣ፣ በሳምንት 500 ብር፣ የሚወጣው 10,000። በረድፍ 20 ነን፤ ግማሽ ግማሽ የገቡ ስላሉ በሰው ከዚያ እንበልጣለን። ምስሉ ላይ የሚታዩት ግን 18 ረድፎች ናቸው። 19ኛውና 20ኛው ከታች ተቆርጠዋል። ደግነቱ የድምሩን መስመር ከላይ፣ ከቀኖቹ ሥር ነው ያስቀመጠው፤ እሱ አለ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ነፋስ። አቧራው ከመንገዱ እየተነሣ ሱቅ ይገባል።

መጀመሪያ ቀኖቹን። ጸሐፊው የጻፈው በፈረንጅ ነው፤ ስልኩ ራሱ እንዲያ ያወጣለታል። እኛ የምናስታውሰው ደግሞ በእኛው ነው። «በገና ሰሞን»፣ «የማርያም ማግስት» ነው የሚባለው። ጎን ለጎን ካልጻፍኳቸው ከማንም ጋር ማውራት አልችልም።

15/12 ማለት ታኅሣሥ 6፣ የመጀመሪያው ዕጣ። 22/12 ታኅሣሥ 13። 29/12 ታኅሣሥ 20። 5/1 ታኅሣሥ 27። 12/1 ጥር 4። 19/1 ጥር 11። 26/1 ጥር 18። 2/2 ጥር 25። 9/2 የካቲት 2።

ዘጠኝ ዓምድ። 19/1 ላይ ከላይ እስከ ታች ባዶ፤ ድምሩ 0። ዳኛው ትናንት ይህን አይተው ደንግጠው ነበር፤ ሁሉም ሰው አንድ ሳምንት የቀረበት መስሏቸው። ጥር 11 ግን ጥምቀት ነው። ዘንድሮ እሑድ ላይ ዋለ፤ ታቦት ወጥቶ ማን እቁብ ይሰበስባል? አልተሰበሰበም፣ ዕጣም አልወጣም። ሰንጠረዡ ሰባት ሰባት ቀን እየቆጠረ ዓምዱን በራሱ ሠራው እንጂ ጸሐፊው የተወው አይደለም። በቀይ ሰረዝኩት። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ላይ ደግሞ እንዲሁ ይሆናል፤ ያን ቀንም ካልሰበሰብን የመጨረሻው ዕጣ ግንቦት 3 ነው የሚወድቀው።

የመጨረሻው ዓምድ፣ 9/2፣ ድምሩ 4,500። ከግማሽ በታች። ይህም ያስደነግጣል። ግን ምስሉ አናት ላይ የስልኩ ሰዓት አለ፤ 10:42። በእኛ ረፋድ 4 ሰዓት ከ42። ዕጣ የምናወጣው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ ምስሉ የተነሣው ገና ሰው እየከፈለ ሳለ ነው። በዚያ ዓምድ ባዶ መሆን ስለ ማንም ምንም አይናገርም። እሱን ለብቻው አቆየሁት።

የቀሩት ሰባት ዓምዶች ናቸው የተዘጉት።

ማታ

ድምሮቹን ገለበጥኩ። 10,000፣ 10,000፣ 9,500፣ 10,500፣ 8,500፣ (ጥምቀት)፣ 9,750፣ 10,000። ሲደመር 68,250። ሰባት ዕጣ ሙሉ ቢሆን 70,000። የጎደለው 1,750።

ከ1,750 በላይ ማንንም መጠየቅ አይቻልም። ዛሬ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው፤ ቢሆንም ቀለል አለኝ። ገበያ ላይ የሚወራው ብዙ ሺህ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ሚካኤል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተቀመጥኩ።

የተቆረጡትን ሁለት ረድፎች ከላይኛው ድምር ማውጣት ይቻላል። በእያንዳንዱ ዓምድ የሚታዩትን 18 ደምሬ ከድምሩ እቀንሳለሁ፤ የሚተርፈው የ19ኛውና የ20ኛው ነው። ሁለቱም ከከፈሉ 1,000 መምጣት አለበት። በስድስቱ ዓምዶች 1,000 መጣ። በጥር 4 ግን የሚታየው 8,000፣ ድምሩ 8,500። የተረፈው 500 ብቻ። ከሁለቱ አንዱ ያን ቀን የለበትም። የትኛው እንደሆነ ምስሉ አይነግረኝም።

አሁን የሚታዩት ባዶዎች። 7ኛ ረድፍ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ታኅሣሥ 20። 11ኛ ረድፍ፣ አናጺው፣ ጥር 4። 15ኛ ረድፍ፣ በግ ነጋዴው፣ ያው ጥር 4። 4ኛ ረድፍ ጥር 18 ላይ 250፤ እነሱ ሁለት ሆነው የገቡ ናቸው፤ ሻይ ቤቷና ወተት ሻጯ።

በግ ነጋዴው ባዶ ቢሆንም አልቀረበትም። ከእሱ በፊት ባለው ሳምንት 1,000 ተጽፎለታል። መንገድ ስለሚሄድ የሁለት ሳምንቱን አንድ ላይ ጥሏል። የታኅሣሥ 27 ድምር 10,500 የሆነውም በዚህ ነው። እዚያ የተረፈው 500 እዚህ የጎደለውን ይሞላል። ሰንጠረዡን ቁልቁል ብቻ ያነበበ ሰው ግን እሱን ባለ ዕዳ ያደርገዋል፤ እቁብ ውስጥ ስም አንዴ ከተነሣ ደግሞ ማጥራቱ ቀላል አይደለም። ረድፉን አግድም ሳያነቡ የሰው ስም መጥራት አይገባም። ይህን ለዳኛውም እነግራቸዋለሁ።

እንግዲህ፤ ልብስ ሰፊዋ 500፣ አናጺው 500፣ ከተቆረጡት አንዱ 500፣ አራተኛው ረድፍ 250። 1,750። ገጠመ። ሁለቴ ደመርኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ደመና አለ፤ ዝናብ የለም። የበልግ ነገር ሁሉም ሰማይ እያየ ነው።

ዳኛው ስልካቸውን ይዘው መጡ። የቴሌብር መልእክቶች፣ ከ127 የሚመጡት፤ አልሰረዟቸውም፤ ተመስገን። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ከእቁባችን ግማሽ የሚሆነው በእሱ ነው የሚጥለው። የቀረው ጥሬ ብር ነው።

12/01/2025 ብለን ፈለግን። የ20ኛው ባለ ዕጣ 500፣ ሰዓቱ 11:25። ዳኛው «ይኸው፣ ከዕጣ በኋላ ነው የከፈለ፣ ቅጣት አለበት» አሉ። የለበትም። መልእክቱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 11:25 ማለት ጠዋት 5 ሰዓት ከ25። ማታ ቢሆን ኖሮ 17:25 ይል ነበር። ሌላ መልእክት ከፍቼ አሳየኋቸው፤ 19 የሚል ሰዓት ያለበት። ዝም ብለው አዩና «ስንቱን ቀጥቼ ይሆን» አሉ። እውነት አዘኑ። የ50 ብሩን ቅጣት የጻፉበት ወረቀት ካለ እናየዋለን።

ስለዚህ ጥር 4 ላይ ያልጣለው 19ኛው ነው። ግን ከሁለት ቀን በኋላ፣ 14/01፣ 500 ብር ገብቷል። ከማይታወቅ ሴት ስም። ስልክ ቁጥሩ መሃሉ በኮከብ የተሸፈነ ነው። በእቁቡ ውስጥ እንዲህ የምትባል ሴት የለችም። የአባቷ ስም ግን የ19ኛው ስም ነው።

ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። እንደ እሱ የሚጠራ ሰው በከተማው ብዙ ነው። ሳልጠይቅ አልጽፍም።

ከሰዓት

ጠየቅሁት። «ልጄ ናት፤ የእኔ ስልክ ባትሪ ሞቶ ከወልድያ እሷ ናት የላከችልኝ» አለ። ደውሎ አገናኘኝ። መልእክቱን ከስልኳ አነበበችልኝ፤ የግብይቱ ቁጥር ከዳኛው ስልክ ካለው ጋር አንድ ነው። አለቀ። ዘግይቷል፣ ግን ከፍሏል። ጸሐፊው ስሙን ሳያውቀው ቀርቶ ሳይጽፈው ሄደ።

የቀረው 1,250።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ሌሊቱን እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ብርዱ ነው፣ ሐሳቡም ነው።

ሰባቱም ዕጣ ለወጣላቸው 10,000 ተሰጥቷል ይባላል። ታዲያ 1,750 ጎድሎ ሳለ ገንዘቡ ከየት መጣ? ሰንጠረዡ ማን እንደጎደለበት እንጂ ማን እንደሞላው የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ዕዳው ለእቁቡ ነው ብለን እንናገራለን እንጂ ለሰው ነው። ለየትኛው ሰው እንደሆነ ካልታወቀ ባለ ዕዳው ቢከፍል እንኳ ብሩ ወዴት ይሂድ?

ዳኛውን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ታኅሣሥ 20፤ «500 ጎደለ፣ ከኪሴ ጨመርኩ»። ጥር 18፤ «250ውንም እኔ»። ጥር 4 ላይ ግን ሁለት ሰው ስለጎደለ አልቻሉም። ዕጣው የወጣላት ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች፤ 9,000 ተሰጣት።

ወደ እሷ ሄድኩ። ዳቦ እያወጣች ነበር። «9,000 ያን ዕለት፣ 500 ማክሰኞ። 500 ይቀረኛል። ለሰው አልተናገርኩም፣ እቁብ እንዳይበተን ብዬ።» ማክሰኞ ማለት ጥር 6፤ ልጅቷ ከወልድያ የላከችው። ሰነዱ፣ መልእክቱና የእሷ ቃል አንድ ሆኑ። ስድስት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ ዝም ብላ ቆይታለች። ቅር አለኝ። ሰው ዝም ባለ ቁጥር የጎደለበት እየተረሳ ይሄዳል።

እንግዲህ የአናጺው 500 የዳቦ ጋጋሪዋ ነው። የልብስ ሰፊዋ 500 እና የአራተኛው ረድፍ 250 የዳኛው ነው።

አራተኛው ረድፍ ወዲያው ተፈታ። ሻይ ቤቷ የራሷን ጥላለች፤ ወተት ሻጯ ልጇ ታምሞባት ነበር፣ ራሷ ነገረችኝ፤ እሑድ እሰጣለሁ አለች። አንድ ረድፍ ላይ ሁለት ሰው ሲኖር ግን 250 ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የማን 250?

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ጠብ ጠብ አለ፣ አቆመ።

ምስሉ ከተነሣ በኋላ ያለውን ዘጋሁ። የካቲት 2 ላይ ምስሉ የሚያሳየው ዘጠኝ ዕጣ ነው። ሰባቱን ከዳኛው መልእክት አገኘሁ፤ አራቱ በእጅ የሰጡ ናቸው፤ ዳኛው ስማቸውን ጠርተዋል፣ እያንዳንዳቸውም ከሰው ፊት ነው የሰጡት። ሃያ። የካቲት 9ን ዳኛው ራሳቸው በወረቀት ጽፈውታል፤ ሙሉ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ዕጣ ወጥቷል፤ አንድ ሙሉ ዕጣ ያለው ሰው እስካሁን 4,500 መጣል ነበረበት።

ዛሬ ሱቅ ውስጥ ክርክር ነበር። አንዱ «ልብስ ሰፊዋና አናጺው እኩል ናቸው፣ ሁለቱም 500 አለባቸው» ይላል። በሰንጠረዡ እኩል ናቸው። በእቁብ ግን አይደሉም። ቢጫውን ማየት ነው።

አናጺው ቢጫ ነው። ሁለተኛው ዕጣ ወጥቶለት 10,000 በልቶ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል። የጣለው 4,000። ስለዚህ ገና 6,000 አለበት፤ ከዚያ ውስጥ 500ው ውዝፍ ነው፣ 5,500ው ደግሞ በየሳምንቱ የሚመጣ።

ልብስ ሰፊዋ አልበላችም። የጣለችው 4,000፣ የወሰደችው ምንም። 500ው ውዝፍ ቢሆንባት እንኳ በጠቅላላው ያላት ገንዘብ በእኛ ላይ ነው፤ 4,000። ዛሬ እቁቡ ቢፈርስ የምትጠይቀን እሷ ናት።

ሁለተኛ ረድፍ ደግሞ ማንም የማያነሣው ሰው ነው። አንድም ባዶ የለበትም። መጀመሪያ የበላው እሱ ነው፤ 4,500 ጥሏል፣ ስለዚህ 5,500 አለበት። ውዝፍ ግን የለበትም። የእሱ ስም ንጹሕ ነው፣ መሆንም አለበት። ይሁን እንጂ ነገ ከከተማ ቢወጣ የእኛ ጉዳት ከልብስ ሰፊዋ ጋር አይወዳደርም። ዋስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ዋስ የሚጠራው ዕጣ በወጣ ቀን ነው፣ ባዶ በታየ ቀን አይደለም። የሁለተኛው ረድፍ ዋስ ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ዳኛው አሰቡ። ወዲያው አልመጣላቸውም። ይህ ከ1,250 ብሩ ይልቅ ያሳስበኛል።

ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ቁጥር ጻፍኩ። ውዝፍ ለብቻ። ቀሪ ለብቻ፣ በልቶ ከሆነ። ያልበላ ከሆነ ያለው።

ማታ

ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄድኩ። መኪናዋ ላይ ነበረች፤ ነገ ኪዳነ ምሕረት ስለሆነች የሰው ቀሚስ ለማድረስ ትጣደፋለች። ስነግራት ፔዳሉን አቆመች።

«ከፍያለሁ። ታኅሣሥ 20፣ ለጸሐፊው፣ በእጁ። ከዕጣው በፊት። ሁለት ባለ ሁለት መቶና አንድ መቶ ብር።»

ሰው ነበረ? «ማን ሰው ይዞ እቁብ ይጥላል?»

ጸሐፊውን ደወልኩለት። «አላስታውስም። ሰጥታኝ ከሆነ እጽፍ ነበር» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። እሷም የምትዋሽ አይደለችም።

የካቲት 15 ሌሊት

አልተኛሁም፤ ልጻፈው።

ድምሩ 9,500 ይላል፤ ይህ በእሷ ላይ ማስረጃ ነው? መጀመሪያ ነው ብዬ ነበር። አይደለም። ድምሩ ብር አልቆጠረም፤ ክፍሎቹ ውስጥ የተጻፈውን ነው የደመረው። ጸሐፊው ተቀብሎ ሳይጽፍ ቢቀርም ያው 9,500 ነው የሚለው። ድምሩና ባዶው ሁለት ምስክር መስለው ይታያሉ እንጂ አንድ ናቸው።

የዳኛው ኪስ ግን ሌላ ምስክር ነው። ያን ዕለት 500 ጎድሎ ጨምረዋል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ 500 ብር ጎድሎ ነበር፤ ይህ እርግጥ ነው። ይህ የሚያሳየው ግን እሷ አለመስጠቷን ሳይሆን ብር መጉደሉን ብቻ ነው። ወይ አልሰጠችም፣ ወይ ጸሐፊው ኪስ ቀርቷል፣ ወይ ከሌላ ሰው ብር ጋር ተቀላቅሎ ለሌላ ሰው ተጽፏል። ሦስተኛውን ለማየት ያን ቀን በጥሬ የከፈሉትን ሁሉ አንድ በአንድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ ማን ያስታውሳል?

ከዚህ በላይ ምስሉ አይወስደኝም።

እሑድ፣ የካቲት 16

ኪዳነ ምሕረት፣ ደግሞም ቅበላ። ነገ ሁዳዴ ይገባል። ከተማው በሙሉ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ሰው ቢቸኩልም ሁሉም መጣ።

አነበብኩ። መጀመሪያ ያልቀረባቸውን፤ የበግ ነጋዴውን፣ የ19ኛውን፣ የ20ኛውን። ስማቸው ሲነሣ የቆየው እነሱ ስለሆኑ። 19ኛው የዘገየበትን 50 ብር ሳይጠየቅ አወጣ።

ወተት ሻጯ 250 ለዳኛው ሰጠች። አናጺው «ለእሷ መሆኑን አላወቅሁም፣ ለዳኛው መስሎኝ ነው ያቆየሁት» ብሎ 500 ለዳቦ ጋጋሪዋ በእጇ ሰጣት። ስድስት ሳምንት ዝም ያለችው ሴት ብሩን ስትቀበል ፊቷ እንዴት እንደበራ።

ለሁለተኛው ረድፍ ዋሱ ተጠራ። አለ፣ ታዲያ እሱም ራሱ ዕጣ ወጥቶለታል። የበላ ለበላ ዋስ ሆኖ አይበቃም ተባለና ሌላ ያልበላ ሰው ተጨመረ። እኔ ነኝ ያነሣሁት፤ አኮረፈ መሰለኝ። ቢያኮርፍም ማንሣት ነበረብኝ።

የልብስ ሰፊዋን ነገር ያገኘሁትን ሁሉ፣ ያላገኘሁትንም፣ እንዳለ ተናገርኩ። ዳኛው «ትማልና ይለቅ» አሉ። እሷ «ለአምስት መቶ ብር በኪዳነ ምሕረት አልምልም» አለች። አንዳንዱ ይህን እንደ ማመን ወሰደው። እኔ አልወሰድኩትም። ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ።

ከዛሬ ጀምሮ ጥሬ ብር የሚቀበል ሰው ሰጪው ፊት ይጽፋል፤ ባለ ግማሾቹ በየራሳቸው ረድፍ ይገባሉ፤ ምስሉ የሚነሣው ዕጣው ከወጣ በኋላ ነው፣ ሃያውም ረድፍ እየታየ። 10ኛው ዕጣ ለወተት ሻጯና ለሻይ ቤቷ ወጣ። 10,000 ሙሉ፤ ቆጥሬ ሰጠሁ፣ አምስት አምስት ሺህ ተካፈሉ።

ነገ ለጸሐፊው ድጋሚ እደውላለሁ። ሰጥታሃለች ወይ ብዬ አልጠይቀውም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። የምጠይቀው፦ ታኅሣሥ 20 ዓምዱን የሞላኸው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው ወይስ ማታ ቤትህ ሆነህ ከትዝታ?